ለሚጡና ለዳዊት፣ በመልሳችሁ ቀን

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከሙሽራው ወገን የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማይክ ከያዝኩ እንደማለቅስ እህቴ ሚጡ ታውቃለች፤ «ሜካፔን እንዳታስበላሺኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ወደ እሷ ሳላይ ነው የምናገረው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምሠራው ውልና ማስረጃ ነው። ባለትዳር ቤት ሲሸጥ የትዳር አጋሩም መጥቶ ይፈርማል። ስንት ባልና ሚስት በፊቴ አለፈ መሰላችሁ! አንዳንዶቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ያነባሉ፣ «ይቺ ቁጥር ልክ ናት?» ይባባላሉ። አንዳንዷ ደግሞ ከባሏ ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። ተራቸው ሲደርስ እሱ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያደርግና «እዚች ጋ» ይላታል። «አንብበሽዋል?» ስላት መልሱን ከእሱ ፊት ላይ ትፈልጋለች። ተገላቢጦሹም አለ፤ ለምን እንደሚፈርም የማያውቅ ባልም ሚስቱ ይዛው ትመጣለች። ወንዶች፣ አልረሳኋችሁም።

የእሷን ፊርማ ሕጉ አስከብሮላታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ብዙ ወር በፊት፣ ገና «ቤቱን ብንሸጠውስ?» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ማን ተጠየቀ የሚለው ነው።

እማዬና አባዬ የተጋቡት በ1974 ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት ያስተዳድራሉ ያለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ሕጉ ከአባዬ አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ደረሰ።

አባዬ የአስተማሪነት ደመወዙን በፖስታ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። እማዬ እንጀራ ሸጣ ያገኘችውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ከጎኑ ትዘረግፈዋለች። ከዚያ የእድሩ፣ የእቁቡ፣ የጤፉ፣ የእኛ ደብተር እየተባለ ይነሣለታል። ከተቀላቀለ በኋላ የማን ስንት እንደሆነ የሚያነሣ አልነበረም። አንድ ዓመት እቁብ ወጣልን፤ አባዬ ቮልስ ልግዛ አለ፣ እማዬ ጣሪያው ያፈሳል አለች። ሦስት ቀን ተከራከሩ። እኛ ልጆቹ በልባችን ቮልሷን መርጠን ነበር! በአራተኛው ቀን አባዬ ቆርቆሮ አሸክሞ መጣ። አላኮረፈም፣ «እናትሽ ናት ያስቀረችው» ሲልም ሰምቼው አላውቅም። ቮልሷ እስከ ዛሬ አልተገዛችም። አባዬ፣ አሁንስ በልጅህ መልስ ቀን እንኳ አትስቅም?

ከዚህ ቤት ወጥቼ እኔ ራሴ ምን እንዳደረግሁ ደግሞ ልንገራችሁ። ባሌ ማጀት ሲገባ «ውጣልኝ፣ እናትህ ቢያዩ ምን ይሉኛል?» እያልኩ አባርረው ነበር። ከዚያ ደግሞ «ብቻዬን ደከምኩ» ብዬ ማታ አለቅሳለሁ። ታይፎይድ አልጋ ላይ ሲጥለኝ ሽሮ ሠርቶ አመጣልኝ። ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ጥሬ ነው። በላሁት። ዛሬ የእሱን ሽሮ ልጆቻችን ከእኔ ይመርጡታል፤ ያው እዚያ ጋ በኩራት ተቀምጧል። እሱን ከማጀት ያስወጣሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው፣ ማንም አላዘዘኝም።

ሚጡዬ፣ አሁን ወደ አንቺ ላይ ነው፣ ሶፍት ያዢ። አንቺ ዝም ካልሽ ተቀይመሻል ማለት ነው። ዳዊት ይህን በጥንቆላ እንዲያውቅ አትጠብቂው፤ የከፋሽን በአፍሽ ንገሪው። ደግሞ ከእኔም ከእማዬም በፊት ለእሱ ንገሪው። ከእሱ የበለጠ ደመወዝ የምታገኚበት ወር ቢመጣ ድምፅሽ ከፍ አይበል፤ ያነሰ የምታገኚበት ቢመጣም ዝቅ አይበል።

ዳዊት ወንድሜ፣ ሽምግልና የላክሃቸው አባቶች ሲመጡ እኛን ከመጠየቅህ በፊት እሷን እንደጠየቅሃት ነግራኛለች። ያን ቀን ነው የወደድኩህ። ያቺን ጥያቄ ስለ ቤት ኪራዩም፣ ስለ ልጁም፣ እናትህ ዘንድ ስለምትውሉበት በዓልም ደጋግመህ ጠይቃት። «አይሆንም» ብትልህ ምክንያቷን እስከ መጨረሻው ስማት። አንዳንዴ ልክ አትሆንም፤ አብሬያት አንድ አልጋ ላይ ያደግሁ ነኝና አውቃለሁ። ሰው ፊት ግን አታርማት። እሷም አንተን እንደዚያው።

የዳዊት እናት፣ እርስዎ ያሳደጉት ልጅ ቅድም ድፎው ከተቆረሰ በኋላ ሳህን ሲሰበስብ አይቼዋለሁ። እግዜር ይስጥልን።

እማዬ በዓይኗ እየጠራችኝ ነው፤ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው መሰል። ልጆቼ፣ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ። ቤታችሁ መጥቼ ቡና ስጠጣ ማን እንደቆላው እጠይቃለሁ። በሉ እልል በሉልኝ!