ለወይዘሪት ሰላማዊት፦ ዳላስ ስለሚኖረው ሰው የቀረበ የካርድ ንባብ

ወይዘሪት ሰላማዊት፣

«ፍላጎቱ የምር ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ?» ብለው ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ የተበታተነ ጥያቄ የተበታተነ ንባብ ያስከትላልና። ከጻፉልኝ ውስጥ ለንባቡ የያዝኩት ይህን ነው። ከሰውየው ጋር በመተዋወቂያ መተግበሪያ የተገናኛችሁት በኅዳር መጨረሻ ሲሆን፣ እርስዎ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እርሱ ዳላስ ትኖራላችሁ። ሁለታችሁም ያደጋችሁት ደሴ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ይደውላል፣ በቪዲዮም ተያይታችኋል። ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ «ፋሲካ ይለፍና» ይላል።

የዘረጋሁት በፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተሣለውንና በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታተመውን የታሮት ካርድ ነው። ከ78ቱ ካርዶች አምስት አወጣሁ። ገና ሲወጡ ዓይኔን የሳቡት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ታላላቅ ከሚባሉት 22 ካርዶች አንድም አለመውጣቱ ነው፤ ይህ ሲሆን ጉዳዩ የዕጣ ፈንታ ሳይሆን በሁለት ሰዎች እጅ ያለ ነው ብዬ አነባለሁ። ሁለተኛው፣ ከአምስቱ ሦስቱ የዋንጫ ካርዶች ሲሆኑ ከበትር ወገን አንድም አለመኖሩ ነው። ዋንጫ የስሜት፣ በትር ደግሞ የመነሣትና የመንቀሳቀስ ምልክት ስለሆነ፣ ስሜቱ ሞልቶ እግሩ ያልተነሣ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ሰውየው አሁን ያለበትን ሁኔታ በሚያመለክተው ቦታ የወጣው የዋንጫ ፈረሰኛ ነው። ፈረሰኛው የራስ ቁሩም ተረከዙም ክንፍ አለው፣ ዋንጫውን በቀኝ እጁ ወደፊት ዘርግቷል፣ ፈረሱ ግን አንገቱን ደፍቶ በዝግታ ይራመዳል፤ ከፊቱም ገና ያልተሻገረው ወንዝ አለ። ይህ የአማላይ ወይም የአጭበርባሪ ካርድ አይደለም። የሚናገረውን ሲናገር የሚያምንበት፣ ነገር ግን መናገሩን እንደ ማድረግ የሚቆጥር ሰው ካርድ ነው። «ለጥምቀት እመጣለሁ» ሲል አልዋሸዎትም ብዬ አስባለሁ፤ ያን ማታ በልቡ መጥቶ ነበር።

ለእርስዎ የሚሰማውን ለማወቅ ያወጣሁት ስድስት ዋንጫ ነው፤ ከአምስቱ ረዘም ላለ ጊዜ ያየሁትም እርሱን ነው። በሥዕሉ ላይ በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ትልቁ ልጅ ለትንሿ ልጅ ነጭ አበባ የተተከለበት ዋንጫ ይሰጣታል፤ ከበስተኋላ ጦር የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ካርዱ የልጅነት፣ የትዝታና የአገር ቤት ካርድ ነው። ስለ ፒያሳ፣ ስለ ሰኞ ገበያና ስለ ጦሳ ተራራ እያነሣችሁ እስከ እኩለ ሌሊት እንደምታወሩ ጽፈውልኛል፤ ከዚህ ካርድ ጋር እንዲህ የሚገጥም ዝርዝር ብዙ ጊዜ አያጋጥመኝም። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ከፍቅሩ ምን ያህሉ ለእርስዎ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በእርስዎ ድምፅ ውስጥ ለሚሰማት ደሴ እንደሆነ እርሱ ራሱ ገና የለየው አይመስለኝም። ዳላስ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ማታ ደውሎ ያገሩን ወሬ በማውራቱ ብቻ ሊረካ ይችላል፤ የረካ ሰው ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት ለመቁረጥ አይቸኩልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ፣ ስለ ዛሬው ሥራዎ፣ ስለ ድካምዎና ስለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድዎ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ያስተውሉ። ከትዝታው ወጥቶ ስለ እርስዎ የአሁን ኑሮ የሚጠይቅ ከሆነ ካርዱ ወደ በጎ ያደላል።

የሚያግደውን የሚያሳየው ሰባት ዋንጫ ነው። አንድ ጥላ የመሰለ ሰው በደመና ላይ ከተደረደሩ ሰባት ዋንጫዎች ፊት ቆሟል፤ በአንዱ ግንብ፣ በአንዱ ጌጣጌጥ፣ በሌላው እባብ አለ፤ የድል አክሊል የተቀመጠበትን ዋንጫ ልብ ብለው ቢያዩት ከጎኑ ላይ የራስ ቅል ምስል ያገኛሉ። ለመተዋወቂያ መተግበሪያ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም። ሌላ ሴት አለች ማለት አልችልም፣ ካርዱም እንዲህ አይልም። የሚለው፣ ምርጫው ሁሉ ገና ክፍት እንዲሆን የሚፈልግ መሆኑን ነው። መተግበሪያውን ከስልኩ አጥፍቶ እንደሆነ ቢጠይቁት ነውር የለበትም።

ወደ ፊት ያለውን ዓላማ ባየሁበት ቦታ የሳንቲም ፈረሰኛ ተገልብጦ ወጥቷል። የተገለበጠን ካርድ እንደ ቀናው የሚያነቡ አሉ፤ እኔ ግን ኃይሉ የታሰረ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ይህ ፈረሰኛ ከታረሰ መሬት ፊት በጥቁር ፈረሱ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ፣ ቃሉን በሥራ የሚፈጽም ሰው ነው። ተገልብጦ ሲወጣ ሥራው ቆሟል ማለት ነው፤ የለም ማለት ግን አይደለም። በመሆኑም ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፦ ፍላጎቱ የምር ነው፣ ውሳኔው ግን የምር አልሆነም። ሽማግሌ ይልክ እንደሆነም ጠይቀውኛል፤ ከዳላስ ዋሽንግተን የሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ያልቆረጠ ሰው ስለ ሽማግሌ እንዲያስብ መጠበቅ ይከብዳል።

አምስተኛው ካርድ የእርስዎ ነው፤ የሰይፍ ንግሥት። ሰይፏን ቀጥ አድርጋ ይዛለች፣ ግራ እጇን ግን ለሚመጣው ሰው ዘርግታለች። ይህች ንግሥት አትቆጣም፣ አትለማመጥምም፤ በግልጽ ትጠይቃለች። «መቼ ትመጣለህ?» የሚለውን ትተው፣ «ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ሥራ የለኝም፤ የትኛው ይሻልሃል?» ብለው እንዲጽፉለት እመክራለሁ። ቀን ጠቅሶ ከመለሰ የሳንቲም ፈረሰኛው ቀና ማለት ጀምሯል። «እናያለን» ካለ መልሱ እርሱ ነው፤ ምክንያቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሦስተኛ ቀጠሮ አይቀበሉ። ሲመጣም መጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ምግብ ቤት ተገናኙ፤ የት እንዳሉም ለእኅትዎ ይንገሯት።

ገንዘብ ጠይቆዎት እንደማያውቅ መጻፍዎ መልካም ነው፤ ካርዶቹም የማታለል ምልክት አላሳዩኝም። ነገር ግን በዚህ ረገድ ካርድ አይበቃም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ በ2023 ብቻ በፍቅር ስም ተታለልን ያሉ ሰዎች ያመለከቱት ኪሳራ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለትኬት ጎደለኝ የሚል ቃል ከመጣ፣ ከላይ የጻፍኩትን በጎ ነገር ሁሉ ይተዉትና ንግግሩን ያቁሙ።

በዚሁ ጥያቄ ላይ እርሱ መልስ ሳይሰጥ ድጋሚ ካርድ አልዘረጋም፤ ሌላ ዘርጊ ዘንድም እንዳይሄዱ እጠይቃለሁ፣ አምስት ንባብ የሰበሰበ ሰው የሚወደውን ብቻ ይዞ ይቀራልና። የሰጠዎትን መልስ ቃል በቃል ይላኩልኝ፤ ያኔ አንድ ካርድ ብቻ ጨምሬ እጽፍልዎታለሁ፣ ለእርሱም ክፍያ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ካርድ አንባቢዎ