እጅ የሚያስለቅቅ አንቀልባ፦ የማሳያ ቪዲዮ ጽሑፍ

ለቀረጻ ለምትመጡ ሁሉ፦

ቪዲዮው ለቴሌግራምና ለቲክቶክ ነው፤ ስልኩ በቁሙ ይያዝ። ጠቅላላ ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። የሚተርከው ድምፅ የእኔ የራሴ ነው።

ባለፈው ቪዲዮ ስለ አንቀልባው ያለውን ሁሉ ደርድረን ነበር፦ ጥጡን፣ የወገብ ቀበቶውን፣ ኪሱን፣ ማጥበቂያውን፣ ቀለሞቹን። የደወሉልን እናቶች ግን «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» እያሉ ነው የጠየቁን። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ስለዚህ በአንድ ትዕይንት አንድ ጥቅም ብቻ እናሳያለን። ሌላ ጥቅም በምስሉ ላይ አብሮ ቢታይም ድምፁ ስለ እሱ አያወራም። የጨርቁ ስፋትና የቀለሙ ዓይነት ከቪዲዮው ሥር ይጻፋል።

ትዕይንት 1፦ ደረጃው (40 ሰከንድ)

ቦታ፦ ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሌለው ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ።

ምስል፦ እናት ሕፃኑን በቀኝ ክንዷ ታቅፋ፣ በግራዋ የአትክልት ፌስታል አንጠልጥላ ደረጃው ሥር ቆማለች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። በክርኗ ልትመልሰው ስትል ፌስታሉ ያዘነብልና አንድ ቲማቲም ወድቆ ይንከባለላል። ጎንበስ ልትል ትጀምራለች፤ ሕፃኑ ያጋድልባታል፤ ትተወዋለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆይ። ሙዚቃ የለም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማ።

ድምፅ፦ «የመጀመሪያ ልጄን ያሳደግኩት 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የወደቀብኝን ማንሳት አቅቶኝ ጥዬው የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው።»

ምስል፦ ያው ደረጃ፣ ያው ፌስታል። አሁን ሕፃኑ በአንቀልባው ጀርባዋ ላይ ነው። ቲማቲሙ ይወድቃል። ወገቧን ሳታጎብጥ ቁጢጥ ብላ ታነሳዋለች። በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት ይዛ መውጣት ትጀምራለች። 2ኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷ ስትወርድ ይገናኛሉ።

ጎረቤት፦ «ደህና ዋልሽ? ማሙሽ ተኛ እንዴ?»

እናት፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገበያ ውስጥ ነው የተኛው፣ እትዬ።»

ምስል፦ 4ኛ ፎቅ ደርሳ ቁልፏን ከኪሷ ታወጣለች፤ በሩ ይከፈታል። ሕፃኑ አልነቃም።

ድምፅ፦ «አንድ እጅ ለፌስታሉ፣ አንድ እጅ ለደረጃው ብረት።»

(ይህን ትዕይንት አታሳጥሩት። ሌላው ሁሉ ቢቆረጥ ይህ ይቆይ። እናት ልጇን አዝላ ቡና ስትቆላ እናሳይ ያላችሁኝን ደግሞ አልተቀበልኩም። ምስሉ ያምራል፤ ነገር ግን ልጅ አዝሎ ከከሰልና ከፈላ ነገር አጠገብ መቆም አደጋ ስለሆነ፣ የምንሸጠው እኛ ሆነን ይህን ልናሳይ አንችልም።)

ትዕይንት 2፦ ሰልፉ (25 ሰከንድ)

ቦታ፦ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት።

ምስል፦ ረጅም ሰልፍ። አንዲት እናት ልጇን በነጠላ አዝላለች፤ ቋጠሮው ትከሻዋን ስለሚቆርጣት በየጊዜው ወደ ላይ ሸብ ታደርገዋለች። ከኋላዋ የእኛዋ እናት ቆማለች። ካሜራው ከትከሻዋ ተነስቶ ሰፊው የወገብ ቀበቶ ላይ ይውረድ።

ድምፅ፦ «8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ይዞ ሰልፍ መቆም ቀላል አይደለም። ይህ ቀበቶ ክብደቱን ከትከሻ ላይ ወደ ዳሌ ያወርደዋል።»

ባለ ነጠላዋ (ዞር ብላ)፦ «ትከሻሽን አያምሽም?»

እናት፦ «ወገቤ ላይ ነው ያረፈው። ነይ፣ በእጅሽ ንኪው።»

ምስል፦ ሴትዮዋ በሁለት ጣቷ የትከሻ ማንገቻውን ታነሳለች፤ ላላ ብሎ ይነሳል።

(ባለ ነጠላዋን የምታሳዝን አድርጋችሁ አትቅረጿት። እናቶቻችን ሁላችንንም በነጠላ ነው ያዘሉን፤ በክብር ትታይ።)

ትዕይንት 3፦ የአባት ተራ (30 ሰከንድ)

ቦታ፦ ሳሎን፣ ቅዳሜ ጠዋት። አያት ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። እናት በሩ ላይ ቆማ ታዛጋለች።

አባት፦ «ሌሊቱን አልተኛሽም። ሂጂ ጋደም በይ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

ምስል፦ ቀበቶውን ወገቡ ላይ ያስራል። ሕፃኑን ደረቱ ላይ ያስጠጋና ማጥበቂያዎቹን በግራና በቀኝ ይስባል። ከእናቲቱ ልክ ወደ እሱ ልክ ሲለወጥ በቅርብ ይታይ።

አያት፦ «በእኛ ጊዜ አንቀልባ የቆዳ ነበር፣ ዛጎል የተደረደረበት። ወንድ ታጥቆት ግን አላየሁም።»

አባት፦ «አሁን ይዩኛ፣ እማማ።»

ምስል፦ አያት ተነስተው የሕፃኑን ኮፍያ ያስተካክላሉ፤ የአባትየውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ።

አያት፦ «እደግ፣ ልጄ።»

ምስል፦ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እናት ጥልቅ እንቅልፍ ወስዷታል።

ድምፅ፦ «እናትም ታርፋለች።»

ትዕይንት 4፦ ሳፋው (10 ሰከንድ)

ምስል፦ ሕፃኑ አንቀልባው ላይ ያቀረሻል። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ሁለት እጅ። ከዚያ በረንዳ ላይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ድምፅ፦ «ቆሸሸ፣ ታጠበ።»

ትዕይንት 5፦ አስተዛዘሉ (20 ሰከንድ)

እዚህ ሙዚቃው ይቁም። ይህ ጥቅም መሸጫ አይደለም፤ ልጅ የሚታዘልበትን ዕቃ ሸጠን አስተዛዘሉን ሳንናገር መቅረት ስለማይገባን ነው።

ምስል፦ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ። የእናት ጣት ድምፁን እየተከተለ ያመለክታል።

ድምፅ፦ «ፊቱ ሁልጊዜ ይታያችሁ፤ አፍና አፍንጫው አይሸፈን። አገጩ ደረቱ ላይ አይጫን። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብለው፣ እግሮቹ ተከፍተው ይቀመጥ። ይህ አንቀልባ አንገቱን በደንብ መያዝ ለቻለ ልጅ ነው። ልጃችሁ ገና ከሆነ ትንሽ ጠብቁ፤ ጊዜው ሳይደርስ ከተወለደ ወይም ሕመም ካለበት ሐኪሙን አስቀድማችሁ አማክሩ።»

ትዕይንት 6፦ ማዘዣ (15 ሰከንድ)

ቦታ፦ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔው አጠገብ። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ድምፁ ይሰማ። እኔ ካሜራውን እያየሁ እናገራለሁ።

ድምፅ፦ «ጥጡ እዚህ በእጅ ይሸመናል፤ ስፌቱንና ማጥበቂያውን እኔ ራሴ ሳልፈትሽ አንድም አይወጣም። ዋጋው 2,600 ብር ነው። ከቪዲዮው ሥር ያለውን የቴሌግራም ማስፈንጠሪያ ተጭናችሁ የልጃችሁን ዕድሜና ክብደት ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በማግሥቱ በሞተር ይደርሳል። ታጥቃችሁ፣ ልጃችሁን ሞክራችሁ፣ ከዚያ በቴሌብር ትከፍላላችሁ። በ7 ቀን ውስጥ ካልተመቸው መልሱት፤ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ።»

ምስል፦ የመጨረሻው ሥዕል 4ኛ ፎቅ ላይ ያለው በር ነው። ከውስጥ የሕፃን ሳቅ ይሰማል።

ለቀረጻው ቀን፦ ከሰልፉ በቀር የሕፃኑ ትዕይንቶች ሁሉ ጠዋት ይቀረጹ፣ ጡት ጠብቶ ከነቃ በኋላ። የተኛበትን የደረጃ ትዕይንት ግን እንቅልፉ ሲመጣ እንቀርጸዋለን፤ ማንም እንዳያስተኛው፣ ማንም እንዳይቀሰቅሰው። ካለቀሰ ካሜራው ይቁም፣ እናቱ ትውሰደው። ቲማቲም 1 ኪሎ ግዙ፤ ደረጃው ላይ ደጋግሞ ይወድቃልና።