የባለአክሲዮኖች 6ኛ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቦታ፦ የማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት አዳራሽ

ምልዓተ ጉባኤ
ማኅበሩ ካሉት 20,000 አክሲዮኖች 11,300ው በ34 ባለአክሲዮኖች በአካል ተወክለዋል። በውክልና የቀረቡት 3,550 ነበሩ። የ400 አክሲዮን ውክልና ግን የወካዩ ፊርማ ስለሌለበት ውድቅ ሆኗል። ተወካዩ ቅር ቢላቸውም በታዛቢነት ተቀምጠዋል። ስለዚህ 14,450 አክሲዮኖች (72.25 በመቶ) ድምፅ ለመስጠት ብቁ ሆነው ጉባኤው ተከፍቷል። ሁለት ድምፅ ቆጣሪዎች ተመርጠዋል።

አጀንዳ 1፦ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተዘጋው ሒሳብ
የቦርዱና የውጭ ኦዲተሩ ሪፖርት ተነቧል። ሒሳቡ በ13,900 ድጋፍ፣ በ300 ተቃውሞና በ250 ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ የትርፍ ክፍፍል
ቦርዱ የሕግ መጠባበቂያ ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው የተጣራ ትርፍ 60 በመቶው እንዲከፋፈል፣ ቀሪው ለማሽን ግዢ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ባለአክሲዮን፣ "ሦስት ዓመት ሙሉ ታገሡ ተባልን፤ 80 በመቶ ይሁን" አሉ። ብዙዎች አጨበጨቡ። እጅ ሲወጣ በአካል ከተገኙት 34 ሰዎች 21ዱ 80 በመቶውን ደገፉ፤ "አለቀ፣ ጸድቋል" የሚል ድምፅም ተሰማ። ሰብሳቢው፣ "እጅ ሰውን እንጂ አክሲዮንን አይቆጥርም" ብለው ድምፁ በወረቀት እንዲሰጥ አደረጉ። ለ60 በመቶው 8,430፣ ለ80 በመቶው 5,870 ድምፅ ተሰጠ፤ 150 ድምፀ ተአቅቦ ሆነ። ጥቂቶች ቅሬታቸው በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ ጠይቀዋል፤ እነሆ ተይዟል።

ውሳኔ፦ 60 በመቶው ይከፋፈል። ኦዲተሩ ውሳኔው ዛሬ ስለተሰጠ ዕዳ ሆኖ የሚመዘገበው በ2018 ሒሳብ እንጂ ሰኔ 30 ላይ እንዳልሆነ አሳስበዋል።

አጀንዳ 3፦ የመጋዘን ኪራይ ውል ማደስ
አከራዩ የቦርድ አባል ናቸው። ጥቅማቸውን አስታውቀው ከአዳራሹ ወጥተዋል፤ 1,900 አክሲዮናቸውም አልተቆጠረም። ከቀሩት 12,550 ድምፆች በ10,700 ድጋፍና በ1,850 ተቃውሞ ውሉ እንዲታደስ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ የኦዲተር ሹመት
ኦዲተሩ ለአንድ ዓመት በድጋሚ እንዲሾሙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ኦዲተሩ አመስግነው አንድ ቅሬታ አነሡ። የአምናው ቃለ ጉባኤ "በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ከማለት በቀር ቁጥር አልነበረውም፤ ሁለት ገጾቹም አልተፈረሙም። "የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ የማመሳክረው ከዚህ ወረቀት ጋር ነው። ማን ስንት አክሲዮን ይዞ እንደመጣ ካላየሁ ውሳኔውን እንዴት ልመን?" ብለዋል። አስተያየቱ ትክክል ነው፤ የአምናውን የያዝኩት እኔ በመሆኔ ጉባኤውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ውሳኔ፦ ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጀምሮ የፊርማ ዝርዝር፣ ውክልናዎችና የድምፅ ወረቀቶች ከነድምሩ ይያያዙ፤ እያንዳንዱ ገጽ ይፈረም፤ ቅጂው በ15 ቀን ውስጥ ለኦዲተሩ ይድረስ።

ጉባኤው 6፡40 ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢው፣ ሁለቱ ድምፅ ቆጣሪዎችና የጉባኤው ጸሐፊ በሦስቱም ገጾች ላይ ፈርመናል።