የመዛግብት ዲጂታል ሽግግር ፕሮጀክት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት

ለፕሮጀክቱ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ
ከፕሮጀክቱ አስተባባሪ

ይህ ሪፖርት የተጠናቀረው የቡድኑ አባላት በየፊናቸው ከያዟቸው ማስታወሻዎች፣ ከሳምንታዊ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤና ከስካን ክፍሉ የዕለት መዝገብ ነው። ማስታወሻዎቹ በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ሳይሆን የኮሚቴውን ውሳኔ የሚሻው ጉዳይ እንዲቀድም ሆነው ተደራጅተዋል። ሁለት ማስታወሻዎች የተለያየ ቁጥር በሰጡበት ቦታ የዕለት መዝገቡ ተወስዷል፤ «ሥራው ሊያልቅ ነው» የሚሉ አገላለጾች በቁጥር ስላልተደገፉ አልተካተቱም።

ውሳኔ የሚጠይቀው ጉዳይ

ከስካን ክፍሉ 4 ሠራተኞች ሁለቱ ወደ ማመሳከር ሥራ እንዲዛወሩ እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ ፕሮጀክቱ በቀሩት 54 የሥራ ቀናት ውስጥ አይጠናቀቅም፤ አሁን ባለው ፍጥነት ከተጓዝን 4,000 ፋይሎች ሳይመሳከሩ ይቀራሉ።

አሁን ያለንበት ደረጃ

ከ24,000 ፋይሎች 18,400ዎቹ ስካን ተደርገዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከዋናው ሰነድ ጋር ተመሳክረው መለያ መረጃቸው ወደ ሥርዓቱ የገባው ግን 9,200 ብቻ ናቸው። በየስብሰባው «ሦስት አራተኛ ደርሰናል» ሲባል የቆየው የስካኑን ሥራ ብቻ በመቁጠር ነበር፤ ሆኖም ያልተመሳከረ ፋይል በፍለጋ ስለማይገኝ ለተጠቃሚው እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

የመዘግየቱ ምክንያት የሠራተኞች ድክመት አይደለም። የቆዩት መዛግብት በእጅ የተጻፉ፣ ቀለማቸው የደበዘዘና አንዳንዴም አንድ ቁጥር ለሁለት ፋይል የተሰጠባቸው በመሆናቸው አመሳካሪው በየመሐሉ ወደ ዋናው ሰነድ ለመመለስ ይገደዳል፤ በዚህም የተነሣ አንድ ሰው በቀን ከ50 ፋይል በላይ ማመሳከር አልቻለም።

ዝውውሩ ቢፈቀድ አመሳካሪዎቹ ከ4 ወደ 6 ያድጋሉ፤ የቀሩት 14,800 ፋይሎችም የ3 ቀን ሥልጠናው ተጨምሮ በ51 የሥራ ቀናት ያልቃሉ። የስካኑ ፍጥነት በቀን ከ240 ወደ 120 ቢወርድም የቀሩት 5,600 ፋይሎች በ47 ቀናት ይጠናቀቃሉ። ትርፉ 3 ቀን ብቻ ስለሆነ ውሳኔው በዚህ ሳምንት ቢሰጠን እንመርጣለን።

ሌሎች ጉዳዮች

ወጪው በዕቅዱ ልክ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ በየምሽቱ ይወሰዳል፤ ነገር ግን ከቅጂው ፋይሎችን መልሶ የማውጣት ሙከራ እስካሁን ስላልተደረገ ቅጂው አስተማማኝ ነው ለማለት አንደፍርም። ሙከራውን የቴክኒክ ባለሙያው በመጪው ሳምንት አካሂዶ ውጤቱን በጽሑፍ ያቀርባል። ተመሳሳይ ቁጥር የያዙ ፋይሎች ዝርዝርም በመዝገብ ቤት ኃላፊዋ በኩል እየተዘጋጀ ሲሆን፣ እንደተጠናቀቀ ለኮሚቴው ይላካል።