አባባ፣ ካረፍክ 3 ዓመት

አባባ፣ ዛሬ ካረፍክ 3 ዓመት ሆነ።

ፎቶውን የመረጠችው እማማ ናት። እኔ ኮት ለብሰህ የተነሳኸውን ልለጥፍ ነበር። «እሱማ የመታወቂያ ነው፣ አያትሽ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?» ብላ ይሄንን አወጣችልኝ። ሽርጥ፣ ነጭ ካናቴራ፣ በእጅህ ባልዲ። እውነቷን ነው አቦ፣ አንተ ማለት ይሄ ነህ። (አንተ ማለቴን የሌላ አገር ሰው ይቅር ይበለኝ፣ ድሬ ላይ አንቱታ አይለመድም፤ አንቱ ያልኩህ ቀን ደግሞ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብለኸኛል።)

ዕድሜህን ምድር ባቡር ከብረትና ከግራሶ ጋር ጨረስከው። ጡረታ ወጥተህም አላረፍክም፣ እጀታው የተነቀለ ድስት፣ ሰንሰለቱ የወለቀ ብስክሌት፣ የማይዘጋ ቁልፍ ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣ ነበር። ገንዘብ ስትቀበል አላየሁም፣ ሻይ ግን እምቢ ብለህ አታውቅም። «ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፣ በ1895» ትላለህ ደግሞ፣ አራስ ቤት ገብተህ የጠየቅካት ይመስል።

በ1998 ደቻቱ ሌሊት የሞላ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ግቢያችን በሰው መሙላቱን ነው። ውጭ የምትተኛባትን የሽቦ አልጋህን ለአንዲት እናትና ለልጆቿ ሰጥተህ አንተ በረንዳው ላይ ካርቶን አንጥፈህ ስንት ሳምንት እንዳደርክ የነገረችኝ እማማ ናት፣ ያውም ከሄድክ በኋላ። አንተማ ስለዚያ ሌሊት ስትጠየቅ «ውሃ መጣ፣ ሄደ» ብለህ ወሬ ትቀይር ነበር።

ከሁሉም የሚናፍቀኝ ግን 11 ሰዓት ላይ ያለው ነገር ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል ባልዲህን ይዘህ ትወጣለህ፣ በእፍኝህ እየዘገንክ ደጁን ታርከፈክፋለህ። ትደፋለህ አይደለም፣ ታርከፈክፋለህ። ከኛ በር ጀምረህ የጎረቤቶቻችንንም ደጅ ታዳርሳለህ፣ ክርስቲያን እስላም ሳትል። አቧራው ይተኛል፣ መሬቱ ይሸታል፣ ከዚያ አልጋዋ ትወጣለች፣ እኛም እግርህ ስር እንኮለኮላለን።

ዛሬ ጠዋት ጸሎትህን አድርሰናል፣ ለነዳያንም እንደምትወደው ዝክር አቅርበናል። ነፍስህን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። እማማ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ፣ ቡናዋን አልተወችም።

ትናንት ማታ ባልዲህን አውጥቼ ደጁን አርከፈከፍኩ። እንዳንተ አልሆነልኝም፣ ጭቃ አደረግኩት። ማዶ ያሉት እናታችን ግን ሽታው ደርሷቸው ኖሮ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ በሩን ከፈት አድርገው ብቅ አሉ። እኔን ሲያዩ ትንሽ ዝም አሉና «አላህ ይርሃመው፣ እሱ የወጣ መስሎኝ እኮ ነው» አሉኝ።