ምንባቡ ያልተናገረው መልስ፦ የ8ኛ ክፍል አማርኛ መልመጃ

ልጆች፣ ባለፈው ፈተና ብዙዎቻችሁ ነጥብ የጣላችሁት መልሳቸው በቀጥታ ያልተጻፈ ጥያቄዎች ላይ ነው። ግማሾቻችሁ «ምንባቡ ውስጥ የለም» ብላችሁ ተዋችኋቸው፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ጻፋችሁ። ሁለቱም አያዋጣም። ከታች ያለውን ምንባብ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዛችሁ ፍንጭ የመሰላችሁን ሁሉ አስምሩበት።

ልኬ ነው በይው

ሚኪያስ ታንኳዋን ወደ አሞራ ገደል ዳርቻ ሲያስጠጋ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩት ገዢዎች ጀርባቸውን ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጣልበትን ቦታ ከበው ይጠብቃሉ።

የጃኬቱ እጅጌ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎም ጣቶቹን ይሸፍናል። መቅዘፊያውን አስቀመጠና መዳፉን ወደ አፉ አቅርቦ እፍ፣ እፍ አለበት።

«እስኪ አሳየኝ» አሉት ጋሽ ለማ፣ መረቡን እየጎተቱ። መዳፉን ገልብጠው አዩና «ውሃ ቋጥሯል። አይዞህ፣ የኔም እንዲሁ ነበር፤ በኋላ ይደነድናል» አሉት።

መረቡ 14 ቆሮሶና አንድ አምባዛ ይዟል። አንዲት ሴት ዋጋ ጠየቀች። ሲነግሯት «ኧረ ጋሼ! ባለፈው ወር እኮ በዚህ ብር እጥፉን ነበር የምወስደው» አለች።

«በሰፈርሽ ያሉት ልኳንዳ ቤቶች ከተዘጉ ስንት ሳምንት ሆናቸው?» ብለው መልሰው ጠየቋት። ሴትዮዋ ፈገግ አለችና ቦርሳዋን ከፈተች።

ሽያጩ ሲያልቅ ጋሽ ለማ ብሩን ለሁለት ከፈሉት። የሚበዛውን ሚኪያስ ኪስ ከተቱና «የታንኳዋ ድርሻ አለበት» አሉ።

ትልቁ ቆሮሶ አልተሸጠም። የሚኪያስ እናት ወስዳ ለሾርባ ሻጯ ሰጠችው። ሾርባው ሲደርስ በፔርሙስ አስቀድታ፣ ፔርሙሱን በነጠላዋ ጠቅልላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። «ሪፈራል» አለችው ሹፌሩን። ባጃጁ ሳይነሳ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ትናንት ማታ ‹ጃኬቱ ሰፋው ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ሚኪያስ ሁለት እጆቹን ኪሱ ከተተ። «ልኬ ነው በይው» አለ።

ባጃጁ ከዓይኑ ሲሰወር በላስቲክ የተጠቀለሉትን ደብተሮች ከታንኳዋ ጫፍ አወጣና ወደ ታቦር አቅጣጫ ሮጠ።

ጥያቄዎች

1. ታሪኩ የተፈጸመው በቀኑ በየትኛው ክፍል ነው? በምን አወቃችሁ?
2. የዓሣ ዋጋ የጨመረው ለምንድን ነው?
3. ሚኪያስ መቅዘፍ ከጀመረ ብዙ ጊዜው ነው? አስረዱ።
4. ታንኳዋ የማን ናት?
5. ሾርባው የሚሄደው ለማን ነው?
6. ሚኪያስ እጆቹን ኪሱ የከተተው ለምንድን ነው?
7. የተኛው ሰው ሕመም ምንድን ነው?
   ሀ) ወባ   ለ) የእጅ ስብራት   ሐ) የልብ ሕመም   መ) ከምንባቡ ማወቅ አይቻልም

*(ከዚህ በታች ያለውን ሠርታችሁ ሳትጨርሱ አታንብቡ።)*

መልስና ማብራሪያ

1. ጠዋት ነው። ሀዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች፣ በእኛ በኩል ቆሞ ወደ ውሃው የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ፀሐይዋ ጀርባውን ካሞቀችው ገና በምሥራቅ በኩል አለች ማለት ነው። ማታ ቢሆን ዓይኑን ትወጋው ነበር፤ በሐይቁ ዳር አመሻሽ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ደብተሮቹን ብቻ ጠቅሶ «ጠዋት» ያለ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አያገኝም፤ የከሰዓት ፈረቃ የሚማርም አለና።

2. ጾም ስለሆነ ነው። ልኳንዳ ቤቶቹ የተዘጉት በአንድ ጊዜ ነው፤ ሴትዮዋም ጥያቄውን ስትሰማ ከመከራከር ይልቅ ገብቷት ፈገግ አለች። ሥጋ ያቆመው ሰው ወደ ዓሣ ሲዞር ዋጋው ይወጣል። የትኛው ጾም እንደሆነ ግን አልተነገረንም። «ስንት ሳምንት» የሚለው ከፍልሰታው 15 ቀን ይልቅ 55 ቀን ወደሚጾመው ዐቢይ ጾም ያደላል፤ ቢሆንም «ዐቢይ ጾም ነው» ብላችሁ እንድትምሉ አያደርግም።

3. አይደለም፣ ገና ጀማሪ ነው። መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፤ የለመደ እጅ ይደነድናል። ጋሽ ለማም «በኋላ» ብለውታል።

4. የሚኪያስ ቤተሰብ ናት። የታንኳዋ ድርሻ ወደ እሱ ኪስ ነው የገባው።

5. እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በክፍል ውስጥ ብዙ ያከራከረን ይሄ ነው። በመጀመሪያ ንባብ ብዙዎቻችሁ «አባቱ ሞተዋል፣ ጃኬቱን ወርሶ ነው» አላችሁ። የጃኬቱ ስፋትና የልጁ መቅዘፍ እንዲያ እንዳሳሰባችሁ ይገባኛል። ግን ሾርባውን ተከተሉት። ትኩስ እንዲቆይ በፔርሙስ ተቀድቶ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሄደ፤ የሚጠጣው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ትናንት ማታ ተናግሯል። ስለ ጃኬቱ ስፋት የጠየቀውም የራሱ ስለሆነ ነው።

ታዲያ አባቱ ነው? ምንባቡን እንደገና ፈልጉ፤ «አባት» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። አንዲት ተማሪ ያነሳችው ነጥብ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ሚኪያስ «በይው» አለ እንጂ «በያቸው» አላለም፤ ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ሊሆን ይችላል አለች። ትክክለኛ ፍንጭ ነው። በሌላ በኩል አባታቸውን «አንተ» የሚሉ ልጆች በከተማችን ሞልተዋል፤ እናንተም መካከል አላችሁ። ስለዚህ «አባቱ» ያለም፣ «ወንድሙ» ያለም፣ ፍንጩን ከጠቀሰ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እርግጠኛ ሆነን የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ የጃኬቱ ባለቤት የሆነ፣ ከቤተሰቡ አንዱ፣ ሆስፒታል ተኝቷል። ሚኪያስም የእሱን ቦታ ይዞ እየቀዘፈ ነው።

6. «ስለበረደው» ብሎ የጻፈ አለ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ጃኬትም ለብሷል። ደግሞም እጁን ኪሱ የከተተው መቼ እንደሆነ እዩ፤ ልክ ስለ ጃኬቱ ሲጠየቅ ነው። ሲከተው ሁለት ነገር አብሮ ተደበቀ፦ የተጠቀለለው እጅጌና የቆሰለው መዳፍ። እናቱ ካየች ሆስፒታል ሄዳ ትናገራለች፤ የተኛውም ሰው ይጨነቃል። «ልኬ ነው» የሚለው ቃል ውሸት መሆኑን ምንባቡ አልነገረንም፤ ያወቅነው ሦስት ጊዜ ከተጠቀለለው እጅጌ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ ልጁ ቤተሰቡን ምን ያህል እንደሚያስብ አንድ ቃል ሳይጻፍ ይታያልና።

7. መ። ወባ በአካባቢያችን መኖሩ፣ የሚቀዝፍ ሰው እጁ ሊሰበር መቻሉ እውነት ነው፤ ግን ያንን የምታውቁት ከኑሯችሁ ነው። ሾርባ ለማንኛውም ታማሚ ይወሰዳል። ስለ ሕመሙ አንድም ፍንጭ ማስመር ካልቻላችሁ መልሱ «ማወቅ አይቻልም» ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙሉ መልስ ነው።