የማስተማሪያ ኬዝ፦ አንድ ልጅ ወልዳ ዳግም ማርገዝ ያቃታት የ28 ዓመት ሴት

የመንዝ ገበሬ ናት። አንድ ልጅ አላት። ሁለት ዓመት ተኩል ያለ መከላከያ ከባለቤቷ ጋር ብትኖርም አላረገዘችም። ከ35 ዓመት በታች ስለሆነች ምርመራው ከ12 ወር በኋላ ይጀመራል፤ 35 ቢሞላት 6 ወር ይበቃ ነበር።

ታሪኳ ላይ እንቆይ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ስትወልድ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ በእጅ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ደም ስለበዛባት ማህፀኗ ተጠረገ። ትኩሳትም ሽታ ያለው ፈሳሽም አልነበራትም። ልጇን ሁለት ዓመት አጥብታለች፤ ዴፖ ተወግታ አታውቅም። ድሮ አምስት ቀን የሚቆየው የወር አበባዋ አሁን አንድ ቀን ጠብ ብሎ ይቆማል። ቁርጠቱ ግን በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

«ደም ፈሷት ነበር፣ የወር አበባዋም ቀነሰ» ሲባል ብዙ ተማሪ በወሊድ ደም መፍሰስ የተነሳ ፒቱታሪ ዕጢ ወደሚሞትበት ሺሃን ሲንድረም ይሮጣል። «ወተትሽ መጥቶ ነበር?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ግን ከስህተት ታድናለች። ሁለት ዓመት ያጠባች፣ የብልት ፀጉሯ ያልረገፈ፣ ብርድ የማያስቸግራት ሴት ፒቱታሪዋ ሞቷል ለማለት ይከብዳል።

ምርመራ፦ የእርግዝና ምርመራ ኔጌቲቭ፣ ቲኤስኤችና ፕሮላክቲን ደህና። የወር አበባዋ ይመጣል ከሚባልበት ቀን 7 ቀን ቀደም ብሎ የተለካው ፕሮጄስትሮን 11 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ እንቁላል ትለቃለች ማለት ነው። ስለዚህ እንቁላል የሚያስለቅቀውን ክሎሚፌን መስጠት ጊዜዋን ማባከን ነው። የባለቤቷ የዘር ፈሳሽ በ3 ቀን መታቀብ ተወስዶ ደህና ሆኗል። ይህን ምርመራ «ልጅ ስላላቸው» ብሎ መዝለል አይገባም፤ ርካሽ ነው፣ ሴቲቱን ከመነካካትም ያድናል።

በዑደቱ 8ኛ ቀን ቀለም ገብቶ የተነሳው የማህፀንና የቱቦ ራጅ፣ ኤችኤስጂ፣ በማህፀኑ ክፍተት ውስጥ ጠርዛቸው የተቆራረጠ ባዶ ቦታዎች አሳየ። ቀለሙ በግራ ቱቦ አልፎ ፈሷል፤ በቀኝ አልገባም። ቀኙን «ተዘግቷል» ብላችሁ አትጻፉ፤ የቱቦው አፍ ተኮማትሮ ወይም በጠባሳ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

የምርመራ ውጤት፦ ከጠረጋ በኋላ የመጣ የማህፀን ውስጥ መጣበቅ (አሸርማን ሲንድረም)። ቲቢም ይህንኑ መልክ ስለሚሰጥ ከማህፀን ግድግዳ ናሙና ለፓቶሎጂና ለጂን ኤክስፐርት ይላካል።

ሕክምናው ማህፀኑን ከውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ በሂስተሮስኮፒ፣ በመቀስ፣ እያዩ ጠባሳውን መቁረጥ ነው። ሂስተሮስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ትላካለች፤ በጭፍን ደግሞ መጥረግ ችግሩን ያባብሳል። ከዚያ ኤስትሮጅን ለአራት ሳምንት ያህል፣ በመጨረሻው 10 ቀን ፕሮጄስቲን ታክሎበት ይሰጣል። ጠባሳው ስለሚመለስ ከ1 እስከ 2 ወር ውስጥ ደግሞ ይታያል።

ካረገዘች የእንግዴ ልጁ ማህፀኑ ላይ ተጣብቆ የማደግ አደጋ አለው። ቦታው በአልትራሳውንድ በጥንቃቄ ይታይ። ከመንዝ ምጥ ይዟት አትጓዝ፤ ቀኗ ሳይደርስ ደምና ቀዶ ሕክምና ካለበት ሆስፒታል አጠገብ ትቆይ።